የእንግዳን ስም አጥርቶ መጥራት፦ ጥያቄና መልስ ከደሴው መድረክ መሪ ጋር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ኮምቦልቻ የምርቃት ፕሮግራም እመራለሁ። የክብር እንግዳው ፖላንዳዊ ናቸው። ኢሜይሉ ላይ Wojciech ይላል። እንዴት ይነበባል?

ወደ «ቮይቼኽ» ይጠጋል፣ መጀመሪያው ላይ ጫን ይላል። ግን የእኔን አጻጻፍ ብቻ ይዘሽ እንዳትወጪ። ራሳቸውን ጠይቂ። እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ «ዎጅሲች» ብዬ እንዲህ ያለ ስም ያላቸውን እንግዳ ጠራሁ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሰውዬውም አብረው አጨበጨቡ። ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ነው። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ብዙዎቻችን የምንስተው አጠያየቁን ነው። አንብበሽላቸው «ልክ ነኝ?» አትበይ። እንግዳ ሰው ላለማሳፈር «አዎ» ይላል። «ስምዎን እርስዎ እንደሚጠሩት ይንገሩኝ» በያቸው። በቴሌግራም ድምፅ ቢልኩልሽ በጣም ጥሩ፣ ማታ ደጋግመሽ ትሰሚዋለሽ። አንዴ በዝግታ፣ ሁለቴ በልማዳቸው ፍጥነት ይበሉት። በዝግታ ብቻ ከሆነ ስሙ ይሰባበራል። ከዚያ አንቺ በይው። «ጥሩ ነው» ብለው ወሬ ከቀየሩ አግኝተሽዋል። «ጥሩ ነው» ብለው ስሙን መልሰው ከጠሩት ግን እያረሙሽ ነው፣ እንደገና ሞክሪ።

መድረክ ላይ በምትይዢው ወረቀት በፊደል ብቻ ጻፊው። ላቲኑ አጠገቡ ካለ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል። ስትለማመጂም ስሙን ነጥለሽ አይደለም። ቆመሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ ሙሉውን በይው፦ «አሁን ወደ መድረክ የምንጋብዛቸው የክብር እንግዳችን ኢንጂነር ቮይቼኽ…»። ለብቻው የቀለለ ስም ከማዕረግ ቀጥሎ ሲመጣ ምላስ ያደናቅፋል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ድምፁን ብሰማ አይበቃም?

ያግዛል፣ አይተካም። Michael ጀርመናዊ ከሆነ ሚሻኤል፣ እንግሊዛዊ ከሆነ ማይክል ነው። ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ቢሆንስ? ራሱን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የቻይኖቹስ? Q-ን «ቅ» ልበለው?

«ች» ነው። X ደግሞ «ሽ»። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ግን ለውጭ ሰው ገልብጠው የሚጽፉም አሉ። የቱ እንደሆነ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለአገር ቤት ስም ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? በፊደላችን እንደተጻፈ ይነበባል።

አይነበብም! ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብዬ ብጽፍልህ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው በምን ታውቃለህ? ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ስም ግን የሚያስረዳው ዐረፍተ ነገር የለውም። ከከሚሴ የመጣ እንግዳ «ገመቹ» ቢባል «መ» ይጠብቃል፣ መጨረሻው ይረዝማል። አላልተህና አሳጥረህ ስትጠራው ስሙ የእሱ አይመስለውም። «ዱጋሳ» ላይ ያለው ድምፅ ደግሞ የእኛ «ደ» አይደለም። በኦሮምኛ ሌላ ድምፅ ነው፣ ከባለቤቱ አፍ ካልሰማኸው አታወጣውም። እኔ የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አደርጋለሁ፣ የሚረዝመውን ከሥሩ አሰምርበታለሁ። ይህን የማደርገው እንግዳው ፊቴ ቆሞ ስሙን ሲነግረኝ ነው። ቤት ገብቼ ላስታውሰው ካልኩ ይጠፋብኛል።

የሰኞ ገበያ ሰፈሩ አስተያየት ሰጪ፦ ወሎ ውስጥ እንኳ ሰይድና ሰዒድ አንድ ስም ነው፣ እንደተመቸህ ጥራው።

የቧንቧ ውኃ ሰፈሯ አስተያየት ሰጪ፦ ኧረ ወንድሜ አይደለም! ሰይድ «ጌታ» ማለት ነው፣ ሰዒድ «ደስተኛ»። የአባቴ ስም ሰዒድ ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰይድ እየተባሉ ኖሩ።

የሰኞ ገበያው፦ በዐረብኛው ይሁን። በእኛ አፍ ግን ተቀላቅሏል፣ ሁለቱንም «አቤት» የሚሉ አውቃለሁ።

ሁለታችሁም አላችሁበት። ግን መድረክ መሪ በ«ተቀላቅሏል» አይሠራም። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም ካሉ፣ ሁለቱንም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ዲፕሎማ ላይ የአያቴ ስም በስህተት ተጽፏል፣ ምን ላድርግ?

ይህ የሬጅስትራር ጉዳይ ነው እህቴ። እኔ አላውቅበትም።

ጥያቄ፦ Nguyen እንዴት ይባላል?

አራተኛ ጊዜ ልበለው? ባለቤቱን ጠይቁ። ቬትናም ውስጥ ራሱ ሰሜኑና ደቡቡ አንድ ዓይነት አይሉትም።

ጥያቄ፦ መድረክ ላይ ከተሳሳትኩ ይቅርታ ልጠይቅ?

«ይቅርታ» ብለህ አስተካክለህ ጥራና ቀጥል። ማብራሪያ አትጨምር፣ እንግዳው ቆሞ ይጠብቃል።

የፒያሳው፦ እኔ አልስማማም። ሕዝቡ ሳያውቅ ይለፍና ኋላ በግል ይቅርታ ቢባል ይሻላል።

ሕዝቡ ባያውቅም ሰውዬው ያውቃል።

የኮምቦልቻዋ ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ድምፅ ላኩልኝ! «ቮይቴክ በይኝ» አሉ። ወረቀቱን ልቀይረው?

አትቀይሪ ገና። ያ የቤት፣ የወዳጅ መጠሪያ ነው። ለአንቺ ነው ያሉት ወይስ መድረክ ላይም እንዲሁ ይባልልኝ ነው? መልሰሽ ጠይቂያቸው።