ቀኝ ጥግ ላይ ያለችውን ነጥብ ጠርጥሪያት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጎንደር ነው የምማረው። ፎስፌት አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለውን ኤንዛይም እንዴት እንደሚያግድ ለክቼ የፍጥነቱን ግልባጭ 1/v ን ከሰብስትሬቱ መጠን ግልባጭ 1/[S] ጋር ሣልኩት። ኮምፒቲቲቭ ነው ተብለን ነበር፤ ፎስፌት ያለበትና የሌለበት ሁለቱ መስመሮቼ ግን የተገናኙት አግድሙ ዘንግ ላይ፣ -2 አካባቢ ነው። ነን ኮምፒቲቲቭ ነው ልበል? ፎስፌት ባለበት፣ በ0.1፣ 0.2፣ 0.5፣ 1 እና 2 ሚሊሞላር ሰብስትሬት ያገኘሁት ፍጥነት በደቂቃ 0.012፣ 0.017፣ 0.033፣ 0.050 እና 0.067 ነው። ጓደኛዬ በኤክሴል አስተካክሎ ቋሚው ዘንግ ላይ አገናኝቶልኛል።»

መልስ፦ አትበይ፣ ልጄ። ቁጥሮቹን እንዳየሁ ዓይኔ ያረፈው 0.012 ላይ ነው። ሰብስትሬቱ ከ0.2 ወደ 0.1 በግማሽ ሲወርድ፣ በዚህ ዝቅተኛ መጠን ፍጥነቱም ወደ ግማሽ መጠጋት ነበረበት። ያንቺ ግን ከ0.017 ወደ 0.012 ብቻ ነው የወረደው። እኔ 0.009 ነበር የምጠብቀው።

ያችን ነጥብ በጣትሽ ሸፍነሽ በቀሩት አራቱ አስምሪ። መስመሩ ቋሚውን ዘንግ 10 አካባቢ ይቆርጠዋል፤ ፎስፌት የሌለበት መስመርሽም የሚቆርጠው እዚያው ነው። ቋሚው ዘንግ ላይ ተገናኙ ማለት ከፍተኛው ፍጥነት ቪማክስ አልተነካም፣ ፍጥነቱ የቪማክስ ግማሽ የሚሆንበት የሰብስትሬት መጠን፣ ኬኤም፣ ብቻ ጨመረ ማለት ነው፤ ይህ ኮምፒቲቲቭ ነው። ነጥቧን ስትመልሻት መቁረጫው ወደ 15 ይወጣል፣ መገናኛውም ወደ ግራ ሸሽቶ አግድሙ ዘንግ ላይ ያርፋል። ኬኤም ሳይነካ ቪማክስ የወረደ፣ ማለትም ነን ኮምፒቲቲቭ ይመስላል። ይህን ሁሉ ያደረገችው አንዲት ነጥብ ናት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩን እወደዋለሁና። ሃንስ ላይንዊቨርና ዲን በርክ ይህን ሥዕል በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጠማማውን መስመር ቀጥ ለማድረግ ነው። መገልበጡ ግን ስህተትንም አብሮ ይነፋል። የ0.003 ስህተት 0.067 ላይ ብትወድቅ 1/v ከ15 ወደ 14.3 ብቻ ይወርዳል፤ ሥዕሉ ላይ አታዪውም። ያችው 0.003 በ0.009 ላይ ስትወድቅ ግን 1/v ከ110 ወደ 83 ይዘላል። ስህተቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚካፈል፣ ፍጥነቱ ሲያንስ ያብጣል። በዚያ ላይ የ0.1 ሚሊሞላር ነጥብ 1/[S] ዋ 10 ነው፤ አራቱ ጓደኞቿ ከ0.5 እስከ 5 ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። በሚዛን ክንድ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ጠጠር ናት፤ ትንሿ ክብደት ክንዱን በሙሉ ትጥለዋለች። ከሁሉም ያነሰ የሚታመነው ነጥብ ከሁሉም የበለጠ መስመሩን ይጎትታል። ኤክሴል ደግሞ ይህን አያውቅም፤ አምስቱንም እኩል አምኖ ያሰምራል።

የጓደኛሽ ጥገና ግን አናዶኛል። `Set Intercept` ላይ ቁጥር ጽፎ መስመሩን ቋሚው ዘንግ ላይ ማሰር የምትፈልጊውን መልስ አስቀድሞ መጻፍ ነው። ነጥቧን አጥፍቶ ዝም ማለትም ያው ነው፤ በጣት መሸፈን ለምርመራ እንጂ ለሪፖርት አይሆንም። የተለካ ነገር በድጋሚ ተለክቶ ነው የሚስተካከለው።

0.012 ከየት መጣ? ሁለት ደቂቃ ጠብቀሽ አጸግብሮቱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የምታቆሚ ከሆነ፣ ያ ቱቦ 40 ሴኮንድ ቢዘገይ 0.009 በትክክል 0.012 ይሆናል። ቱቦዎቹን ያስጀመርሽበትን ቅደም ተከተልና ክፍተት ሳትቀይሪ አቁሚያቸው። ሌላው ተጠርጣሪ ናሙናው የሚነበብበት ርካሹ የፕላስቲክ ኩቬት ነው። በቀላሉ ይጫጫራል፣ አንዱም ከሌላው ላይመሳሰል ይችላል፤ እንዲህ ባለ ትንሽ ንባብ ላይ ጭረትና የጣት አሻራ ብቻ ያንን ልዩነት ይሰጡሻል። ለሁሉም ቱቦ አንድ ኩቬት ተጠቀሚ፣ ብላንኩም ያው ሰብስትሬት ኖሮት ኤንዛይም የሌለው ይሁን። ባፈሩን ፎስፌት እንዳታደርጊው፤ እሱ ራሱ ያግዳል።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ስትቀጂ የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጊ። የማየት መነጽር አይተካውም።

አሁን ክርክሩን የሚቆርጥልሽ አንድ ቱቦ አለ። ያለ ፎስፌት ኬኤምሽ 0.5 ሚሊሞላር ነው፤ ስለዚህ 5 ሚሊሞላር ሰብስትሬት ላይ ፎስፌት ጨምረሽና ሳትጨምሪ ለኪ። ያለ ፎስፌት በደቂቃ 0.091 አካባቢ ታገኛለሽ። ፎስፌቱ ኮምፒቲቲቭ ከሆነ ሰብስትሬቱ ስለሚያሸንፈው 0.083 ገደማ ይሆናል። ነን ኮምፒቲቲቭ ከሆነ፣ ሥዕልሽ ቪማክስን በሲሶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ 0.062 አካባቢ ይቀራል። ይህን ልዩነት የተጫጫረ ኩቬት እንኳ አይደብቀውም። ከሁለቱ መሃል ከወደቀ ድብልቅ እገዳ ሊሆን ስለሚችል ፎስፌቱን በሁለት ሦስት መጠን ደጋግሚ።

0.1 ሚሊሞላሩንም ሦስት ጊዜ ለኪ፤ ከዚያ v ን ከ[S] ጋር ሳትገለብጪ በኤክሴል `Solver` አስማሚውና ቪማክስና ኬኤምን ከዚያ ውሰጂ። የተገለበጠውን ሥዕል ለማሳየት ብቻ ተጠቀሚበት። መነጽሩን አትርሺ፤ ውሃ በየጊዜው ስለሚጠፋም ከመጀመርሽ በፊት ጄሪካን ሞልተሽ አጠገብሽ አስቀምጪ። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳታቋርጪ ታጥበሽ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።