ንዴት በሁሉም ቋንቋ ይፈላል? ጥያቄና መልስ

ሰዎች ስሜታቸውን በአካላቸው እንዴት እንደሚገልጹ በተለያዩ ቋንቋዎች ሳነጻጽር ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አንድ አባባል ብቻ እንያዝ። «ንዴት በየትኛውም ቋንቋ ዕቃ ውስጥ እንደሚፈላ ፈሳሽ ነው የሚነገረው፤ የሁላችንም ሰውነት አንድ ነውና» ይባላል። እውነት ነው? ጠይቁኝ።

«ይሄን ማን ነው ያለው? ደግሞ ምኑ ያጠራጥራል? እኔም ስናደድ ደሜ ይፈላል።»

አባባሉ በሰፊው የታወቀው የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ላኮፍና ዞልታን ኮቬቼሽ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ነው። ያጠኑት የአሜሪካን እንግሊዝኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ የተናደደ ሰው ክዳኑ እንደተዘጋ ድስት ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይሞቃል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይተናል፣ መጨረሻ ላይ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። መነሻውን ያገኙት ከሰውነት ነው። ስንናደድ ይሞቀናል፣ የደም ግፊታችንም ይጨምራል።

ጥርጣሬው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰውነት የሁሉም ሰው ከሆነ ድስቱም የሁሉም ቋንቋ ነው ተባለ። ይህን ግን እንግሊዝኛን ብቻ በማየት ማወቅ አይቻልም። አንተ «ደሜ ፈላ» ማለትህ ለአባባሉ ድጋፍ ነው። ግን ያው አንተው «ቆሽቴ አረረ» ትላለህ። ድስት የሚያርረው ፈሳሹ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው አፍ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች አሉ ማለት ነው።

«ሰውነታችን አንድ ስለሆነ ዘይቤውም አንድ መሆን አለበት። ልዩነቱ የቃል ብቻ ነው።»

ግማሹ ላይ ልክ ነሽ። ሰውነት ግን የሚሰጠን አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ስንናደድ ይሞቀናል። ፊታችን ይቀላል፣ እጃችን ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሻችን ይፈጥናል፣ ሆዳችን ይጨብጠናል። ቋንቋ ከእነዚህ ይመርጣል። የምንመረምረው ያንን ምርጫ ነው።

ቻይንኛን ተመልከቺ። ኒንግ ዩ እንዳሳየው እሳቱ እዚያም አለ። ዕቃው ውስጥ ያለው ግን ፈሳሽ ሳይሆን ጋዝ ነው፤ «ቺ» ይሉታል። «ሸንግቺ» ማለት ተናደደ ማለት ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ቺ ተነሣ» እንደማለት ነው። ጃፓንኛ ላይ ደግሞ ኬይኮ ማትሱኪ ሌላ ነገር አገኘች። ንዴት ከሆድ ይጀምራል፣ ወደ ደረት ይወጣል፣ ራስ ላይ ሲደርስ ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ያቅተዋል። ሦስት ደረጃ ያለው ጉዞ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳመነኝ ግን የካሮሊን ጌቫርት ሥራ ነው። እሷ የራሱን የእንግሊዝኛን የጥንት ጽሑፎች መረመረች። በጥንቱ እንግሊዝኛ ንዴት ብዙ ጊዜ «እብጠት» ነበር። ሙቀቱ ያን ያህል ጎልቶ አይታይም፤ ድርሻው ከዘመን ዘመን ከፍና ዝቅ ይላል። የእንግሊዞች ሰውነት በእነዚያ ምዕተ ዓመታት አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያነቡትና የሚተረጉሙት ነገር ነው። ዲርክ ጌራርትስና ስቴፋን ግሮንደላርስም እ.ኤ.አ. በ1995 ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተው ነበር። የአውሮፓ ቋንቋዎች የንዴት ሙቀት ሐሞት ትኩስና ደረቅ ነው ከሚለው ከጥንቱ ሕክምና የተወረሰ ቢሆንስ? አሉ። እንዲህ ከሆነ ቃሉ የሚነግረን ሰውየው የተሰማውን ሳይሆን የአያቶቹን ሐኪም ሀሳብ ነው።

«እሺ፣ በተግባር እንዴት ነው የሚፈተነው? አንድ ምሳሌ ሠርተህ አሳየን።»

መጀመሪያ አባባሉን እበትነዋለሁ። «በዕቃ ውስጥ የሚፈላ ፈሳሽ» አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አገላለጽ ለየብቻ እጠይቃለሁ። ሙቀት አለ? የሚፈስ ነገር አለ? መያዣ አለ? መጨረሻው ምንድን ነው?

አራት የአማርኛ አገላለጾችን እንይ። «ደሜ ፈላ» ላይ ሙቀትም ፈሳሽም አለ፤ መያዣው ግን አልተጠቀሰም፣ ፈላ ብሎ ይቆማል። «በቁጣ ገነፈለ» ላይ ሙቀት፣ ፈሳሽና ሞልቶ የሚፈስበት ዕቃ አለ። «ቆሽቴ አረረ» ላይ ሙቀት ብቻ ነው ያለው። ቆሽት እዚህ መያዣ አይደለም፤ የሚቃጠለው ነገር ራሱ ነው። «እርር ድብን አለ» ደግሞ አካልም ፈሳሽም አይጠራም፤ ቃጠሎ ብቻ ነው። ሙቀት በአራቱም አለ። ፈሳሽ በሁለቱ ብቻ። ክዳን የሚያስፈነጥር ፍንዳታ በአንዱም የለም።

«በቁጣ ፈነዳ» የሚል አለ፣ አውቃለሁ። እሱን ስመዘግብ ግን ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። የቆየ ጽሑፍ ውስጥ አለ ወይስ ከትርጉም ዜና ጋር የገባ ነው? ይህ ሳይለይ የአማርኛ ማስረጃ ተብሎ ቢቆጠር እንግሊዝኛን ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል።

ሌላው ስሜቱን መለየት ነው። ንዴትና ቁጣ አንድ አይደሉም። ሰው ንዴቱን ውጦ ዝም ሊል ይችላል፤ ቁጣ ግን ሌላ ሰው ላይ ይወጣል። እስካሁን ባየሁት ቁጣ ይገነፍላል፣ ንዴት ግን ያሳርራል። አንዱ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ሌላው ባለቤቱን ይበላል። ይህ እውነት ከሆነ «የአማርኛ የንዴት ዘይቤ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል ራሱ ስሕተት ነው። ስለዚህ ቃል አልተረጉምም፤ ሁኔታ እሰጣለሁ። «አንድ ሰው በደለህ፣ አጸፋውን መመለስ ፈልገሃል፣ ግን አልቻልክም» እላለሁ። ከዚያ ሰው ምን እንደሚል እሰማለሁ።

«ጽሑፍ ሰብስቦ በኮምፒውተር "ንዴት" የሚለውን መፈለግ አይቀልም? እኔ ለመመረቂያዬ እንዲህ ነው ያደረግኩት።»

ይቀላል፤ ግን አንድ ነገር ያመልጥሃል። «ቆሽቴ አረረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ንዴት» የሚል ቃል የለም። ፍለጋህ የሚያመጣልህ ሁለቱ አብረው የተጻፉበትን ብቻ ነው። የአካል አገላለጾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስሜቱን ስም አይጠሩም። ስለዚህ ውጤትህ አካልን ያሳነሰ ይሆናል። በአካላት ስምም እንደገና ፈልግ፦ ሆድ፣ ልብ፣ አንጀት፣ ቆሽት፣ ጨጓራ፣ ደም።

ከመዝገበ ቃላት ብቻ መሰብሰብም ተቃራኒ ችግር አለው። አገላለጹ እንዳለ ትነግረናለህ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር ግን አታውቅም።

«ቆሽት በንዴት በእውነት ይጎዳል? አባቴ ሁሌ ቆሽቴ አረረ ይላል፣ እና አሁን ሆዱን ያመዋል።»

እህቴ፣ ይሄ የሐኪም ጥያቄ ነው። ሕመሙ ከቀጠለ ይታይ፤ ከአገላለጹ ምንም መደምደም አይቻልም። አባትሽ ቆሽት ሲሉ ስለ አንድ የታወቀ የሰውነት ክፍል መናገራቸው ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው ቆሽት የት እንዳለ ሳያውቅ ነው «አረረ» የሚለው። ለእኛ ጉዳይ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስንናደድ ቆሽታችን ሲቃጠል ለይቶ አይሰማንም። እንግዲህ አካሉ የተመረጠው በስሜት አይደለም፤ በልማድ ነው።

«በኦሮምኛ "ኣሪ" ንዴት ነው፣ "ኣራ" ደግሞ ጭስ። አማርኛ ላይ "አረረ" አለ። ሦስቱ አንድ ናቸው፤ ይሄ ሁሉም ቋንቋ ላይ ያለ ነገር ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው።»

ጭስና ንዴት ጎን ለጎን መሆናቸው ደስ የሚል ነገር ነው፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ቦታ ላይ ግን እንጠንቀቅ። በድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይደለም። «አረረ» ከሁለቱ ጋር ይያያዝ እንደሆነ የቃላቱን ታሪክ የሚያጠና ሰው ይፍረድ።

ቢያያዝም ነገሩ ላንተ አይጠቅምም። አማርኛና ኦሮምኛ ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ይዋዋሳሉ። አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። እነዚህን አራት ምስክር አድርጎ መቁጠር የአንድ ቤት ልጆችን ለየብቻ እንደመጠየቅ ነው። ሁሉም ቋንቋ ላይ ያለ ነገር ለማለት በዘርም በጉርብትናም የማይገናኙ ቋንቋዎች ያስፈልጋሉ።

«እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሰውነት ካርታ ጥናት ጉዳዩን አልዘጋውም? ፊንላንዳውያን፣ ስዊድናውያንና ታይዋናውያን ንዴትን ሰውነት ላይ በተመሳሳይ ቦታ ነው የቀቡት።»

የላውሪ ኑመንማና የባልደረቦቹን ጥናት ማለትህ ነው፤ 701 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ጥሩ ሥራ ነው። ተመሳሳይነቱን አልክድም።

ግን ሰዎቹ የቀቡት ስሜቱን ነው ወይስ ስለ ስሜቱ የሚያወሩበትን ቋንቋ? ይህን መለየት ከባድ ነው። በተጨማሪም ኤሪካ ሲገልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ለእያንዳንዱ ስሜት የራሱ የሆነ ቋሚ የሰውነት ምልክት አላገኙም። ሙቀት የንዴት ብቻ ካልሆነ «ሰውነት ሙቀትን ሰጠ፣ ቋንቋ ተቀበለ» ማለት ያን ያህል ቀላል አይሆንም። እዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው እየተከራከሩ ነው።

«"ተናደደ" ራሱ ከ"ነደደ" አይደለም እንዴ? ታዲያ ዘይቤ ነው ወይስ ተራ ቃል?»

ከነደደ ነው። ፕራግልጃዝ የተባለው የዘይቤ ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው አሠራር ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ያለውን ትርጉም ይበልጥ ተጨባጭ ከሆነ ሌላ ትርጉሙ ጋር አወዳድር ይላል። «ነደደ» ላይ እሳት አለ። «ተናደደ» ስንል ግን ማንም እሳት አያስብም፤ ቃሉም ሌላ ትርጉም የለውም። ስለዚህ እኔ ለብቻው እመዘግበዋለሁ። ከሕያዎቹ ዘይቤዎች ጋር ደባልቄ ብቆጥረው የአማርኛ የሙቀት ድርሻ ሰማይ ይነካል።

«በመጨረሻ፣ አባባሉን የሚጥለው ምን ቢገኝ ነው?»

ሙቀቱን ለመጣል አንድ ቋንቋ አይበቃም፤ በማይገናኙ ብዙ ቋንቋዎች ሙቀት ጎልቶ ካልታየ ግን ይወድቃል። ፈሳሹና ፍንዳታው ለእኔ ከአሁኑ ወድቀዋል። የሚያስቸግረኝ መያዣው ነው። «በልቤ ውስጥ» ያለ ሁሉ መያዣ ተጠቀመ ከተባለ አባባሉ መቼም አይወድቅም። ስለዚህ መያዣው ሥራ እንዲሠራ እጠይቃለሁ። ይሙላ፣ ይፍሰስ፣ ይሰንጠቅ።

ይህም አልጨረሰልኝም። «ሆድ ይፍጀው» ላይ አብራኝ ከምትሠራው ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ሆድን መያዣ ብዬ መዘገብኩት፤ ያልተነገረው ነገር እዚያ ይቀመጣልና። እሷ ግን «ፍጀው እኮ ነው የሚለው፤ እሳት ነው የሚፈጀው» ብላ እሳት ብላ መዘገበችው።