ወረቀት ላይ ያማረው ቃለ መጠይቅ ታይምላይን ላይ ለምን ይሰበራል?

«ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የ20 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው። የአምስት ሰዎች ቃለ መጠይቅ፣ በድምሩ 6 ሰዓት ተኩል፣ ቃል በቃል አስጽፌያለሁ። ከጽሑፉ መርጬ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ያስቀመጥኩት ፔፐር ኤዲት ሲነበብ ያምራል። ኮምፒውተር ላይ፣ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ታይምላይን ላይ ስደረድረው ግን ንግግሩ ይቆራረጣል፣ ርዝመቱም 38 ደቂቃ ሆነብኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ትራንስክሪፕቱ ላይ አራት ነጥቡን ያስቀመጠው የጻፈው ሰው ነው፤ ተናጋሪው አይደለም። እርስዎ የቆረጡት በዚያ ነጥብ ከሆነ፣ ድምፁ ገና ሳያርፍ ነው የቆረጡት። አንድ ሸማኔ እንዲህ አለ እንበል፦ «ልጆቼ ሙያውን እንዲይዙ እፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ኑሮው አያስችልም፣ አልመክራቸውም።» ወረቀቱ ላይ «እፈልግ ነበር» የሚለው ግሥ ስላለው ሙሉ ይመስላል። ሲሰማ ግን «ነበር» ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ይንጠለጠልና በአንድ ትንፋሽ ወደ «አሁን ግን» ይሻገራል። እዚያ ከቆረጡት ተመልካቹ የቀረውን ይጠብቃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሰውየው ካለው ተቃራኒውን ማስባልዎ ነው። በአማርኛ ፍርዱ ያለው መጨረሻ ላይ ነውና፣ እስከ መጨረሻው ግሥ ሳያነቡ ምልክት አያድርጉ።

ስለዚህ የተመረጠው ንግግር ሁሉ ፔፐር ኤዲቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መሰማት አለበት። ለዚህ ኤዲቲንግ ፕሮግራም መክፈት አያስፈልግም። ፋይሉን በVLC ማጫወቻ ይክፈቱ፣ Ctrl+T ተጭነው ሊሄዱበት የፈለጉትን ሰዓት ይጻፉ፣ ከመግቢያው 5 ሰከንድ ቀድመው ጀምረው ከመውጫው 5 ሰከንድ አልፈው ያዳምጡ። ድምፁ ካረፈ ዳር ላይ «አ»፣ ከተንጠለጠለ «ተ» ብለው ይጻፉ። «ተ» ያለበትን ድምፁ እስከሚያርፍበት ድረስ ያስረዝሙት፤ ካልሆነ ይተዉት። ብዙዎች «በቢሮል እሸፍነዋለሁ» ብለው ያልፉታል። ቢሮል፣ ማለትም በንግግሩ ላይ የሚደረበው ሌላ ምስል፣ የሚሸፍነው የምስሉን ዝላይ ነው፤ የተንጠለጠለ ድምፅ ከሥሩ እንደተንጠለጠለ ይሰማል።

ሌላው የንግግር መቆራረጥ ምክንያት ባለቤት የሌለው ተውላጠ ስም ነው። «እሷ ካልፈተለች እኔ ምን እሸምናለሁ?» ድንቅ መክፈቻ ይመስላል። እርስዎ ሙሉውን ስላነበቡ «እሷ» ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ተመልካቹ ግን አያውቅም። ትራንስክሪፕቱን ወደ ኋላ ይፈልጉ። ሁለት ጥያቄ ቀደም ብሎ «ማጉን የምትፈትለው ባለቤቴ ናት» ብሎ ከሆነ፣ እሱን ከፊት ያስቀድሙ። ሁለቱ በአንድ መቀመጫ፣ በአንድ ድምፅ መቀረጻቸውን ያረጋግጡ። ከላዩ የነበረውን ጥያቄም ያንብቡ፤ ስለ ሌላ ነገር ሲጠየቅ የመለሰውን እዚህ ማምጣት ሐሳቡን ማጣመም ነው። ጥያቄዎቹን ከትራንስክሪፕቱ ላይ ማጥፋት የማይገባውም ለዚህ ነው።

ርዝመቱ የበዛው መጠኑን በገጽ ስለገመቱት ይመስለኛል። በገጽ አይለኩ፤ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ግማሽ ገጽ፣ ፈጣን ነጋዴ አንድ ገጽ ሙሉ፣ እኩል ደቂቃ ሊወስዱ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንዲህ ያለ መስመር ይኑርዎት፦

```
14 | ሸማኔ | C0012 | 00:21:40–00:21:58 | 18 ሰከንድ | አ
   ማጉን የምትፈትለው ... ባለቤቴ ናት
```

መስመሩ የቁራጩን ቁጥር፣ ተናጋሪውን፣ የፋይሉን ስም፣ መግቢያና መውጫውን፣ ርዝመቱንና የድምፁን ምልክት ይይዛል፤ ከሥሩ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ቃላት መጻፍ ይበቃል። በመጨረሻ ሰከንዶቹን ይደምሩ። የ20 ደቂቃ ፊልም 20 ደቂቃ ንግግር አይሸከምም፤ እግር ከጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ሲረግጥ፣ መወርወሪያው ሲመላለስ የሚታይበት ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ወረቀቱ ላይ ከ15 ደቂቃ በላይ ንግግር አላስቀርም። አንዱ ቁራጭ በአማካይ 20 ሰከንድ ቢሆን፣ ያ ወደ 45 ቁራጭ ነው። ለመቀነስ ሲነሡ መጀመሪያ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር የሚናገሩበትን ይፈልጉ፤ የደረሰበትን የሚናገረውን ይዘው በጥቅሉ የሚያስረዳውን ያውጡ።

ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። VLC እያንዳንዱን ፋይል ከዜሮ ይቆጥራል፤ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ግን ካሜራው የቀረጸውን ታይምኮድ ሊያሳይ ይችላል፣ ያው ቦታ 10:35:12 ሆኖ ያገኙታል ማለት ነው። የትኛውን እንደተጠቀሙ ትራንስክሪፕቱ አናት ላይ ይጻፉ። ብዙ ካሜራዎች ረጅም ቀረጻን በየፋይሉ ስለሚከፋፍሉም የፋይል ስም የሌለው ሰዓት ዋጋ የለውም።

ይህ ሲያልቅ ቁራጮቹን በወረቀቱ ቅደም ተከተል ታይምላይን ላይ ይደርድሩ፣ ቢሮልና ሙዚቃ አይጨምሩ። ስክሪኑን አጥፍተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ያዳምጡ፣ የከበደዎትን ቦታ ቁጥር ብቻ ይጻፉ። ቅደም ተከተሉን የሚቀይሩት ወረቀቱ ላይ ተመልሰው ነው፤ አለበለዚያ በሦስተኛው ቀን ወረቀቱና ታይምላይኑ አይገናኙም።