ሻይን ቀኑን ሙሉ ፉት ማለትና ጥርስ፦ ጥያቄና መልስ

ከካዛንቺስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ዶክተር፣ እኔ ስኳር ቀንሻለሁ። ወደ ቢሮ ግማሽ ሊትር ሻይ በፔርሙዝ ይዤ እገባለሁ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብቻ አድርጌበት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቀስ እያልኩ እጠጣዋለሁ። ባልደረባዬ ግን በሁለት ብርጭቆ ስድስት ማንኪያ ጨምራ በአንድ ጊዜ ጠጥታ ትጨርሳለች። የተቦረቦረው የእኔ ጥርስ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የጥርስ ሐኪሟ፣ ከአራት ኪሎ፦ በጥርስ ላይ የሚጋገረው ፕላክ፣ ማለትም ጠዋት በጥፍር ሲፋቅ የሚወጣው ነጭ ዝልግልግ ነገር፣ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ባክቴሪያዎቹ ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ይህም ሰዓታት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሳይበሉ በቆዩበት ጊዜ ወደ ሰባት የሚጠጋው የፕላክ ፒኤች፣ ማለትም ሲወርድ አሲዱ መበርታቱን የሚያሳየው ልኬት፣ ጣፋጭ ነገር ከቀመሱ በኋላ ባሉት አምስትና አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ከ5.5 በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ደረጃ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ ካልሲየምና ፎስፌት የተባሉትን ማዕድናት መልቀቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ምራቅ ስኳሩን እያጠበ፣ አሲዱንም እያረገበ ፒኤቹን ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ለዚህ ግን እንደየሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። የለቀቀውን ማዕድን ጥርስ መልሶ የሚያገኘውም በዚህ የእረፍት ጊዜ ነው።

አሁን የሁለታችሁን ጠዋት እናስተያይ። ባልደረባዎ በሦስት ሰዓት ጀምራ በአሥር ደቂቃ ብትጨርስ፣ ጥርሷ ምናልባት እስከ አራት ሰዓት ገደማ ከአሲዱ ይላቀቃል፤ እስከ ምሳ ድረስም ሁለት ሰዓት ያህል ያርፋል። እርስዎ ግን በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ፉት ካሉ፣ ምራቅዎ ገና መመለስ ሲጀምር አዲስ ስኳር ይደርሳል። ስለዚህ አሲዱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከስድስት ሰዓትም አልፎ ይቆያል፤ ምሳ ደግሞ ከዚያው ይቀጥላል። የስኳርዎ መጠን የእሷ ግማሽ ሆኖ ሳለ፣ ጥርስዎ በአሲድ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከእሷ ሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ስድስት ማንኪያ የሦስት ማንኪያን እጥፍ አሲድ የማያወጣውም ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበት ስኳር ወሰን ስላለውና አሲዱ ሲበረታ የእነሱም ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

እኔ ብሆን ሻዩን በሦስት ሰዓት ጠጥቼ እጨርስና በፔርሙዙ ውስጥ ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ውሃ እይዝ ነበር። ባልደረባዎም ለሌላው ጤንነቷ ስድስት ማንኪያ አይበጃትም፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከፒያሳ፣ ባለሱቅ፦ ይህን በሰው ላይ ያየው ማን ነው? እኛም እንደምናየው ከሆነ ብዙ ስኳር የሚበላ ሰው ጥርሱ ይበላሻል።

የጥርስ ሐኪሟ፦ የእርስዎም እይታ ስህተት የለበትም፤ ብዙ የሚበላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደጋግሞም ይበላልና ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ ነው። በሰው ላይ በቀጥታ የታየው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስዊድን ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ተቋም ነው። ስኳሩን ከምግብ ጋር በወሰዱት ላይ የጥርስ መቦርቦሩ ጭማሪ አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ፣ በምግብ መካከል የሚያጣብቅ ከረሜላ በተሰጣቸው ላይ ግን በእጅጉ ጨመረ። እነዚያ ሰዎች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ጥርሳቸው እንዲበላሽ ተደርጓል፤ ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ጥናት ሊያካሂድ አይፈቀድለትም፤ እውቀቱን ስንጠቅስም ይህን አብረን መጥቀስ ይገባናል። ደግሞም ከረሜላው ጥርስ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ፣ ጉዳቱ ከድግግሞሹ ስንት እንደሆነ፣ ከማጣበቁም ስንት እንደሆነ ከዚያ ብቻ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ከአራት ኪሎ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ ተመርምሬ ስኳር የለብሽም ተብያለሁ። ሻይም በማር ነው የምጠጣው። ታዲያ የእኔ ጥርስ ለምን ይቦረቦራል?

የጥርስ ሐኪሟ፦ የስኳር በሽታ አለመኖሩ ደስ የሚል ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው ግን አፍ ውስጥ ስለሚገባው ስኳር ነው፤ እሱም የደም ምርመራ ላይ አይታይም። ማርም ለባክቴሪያዎቹ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ አሲድ ለማውጣት ከስኳር ያነሰ አይመቻቸውም። ልጆችዎ ማታ ጡጦ ይዘው የሚተኙ ከሆነ ግን ከእርስዎ ጥርስ ይልቅ የእነሱ ያሳስበኛል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ እጅግ ስለሚቀንስ በጡጦ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ነገር በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ከንፈራቸውን ወደ ላይ ገልጠው፣ ጥርሱን በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው፣ ከድዱ ጠርዝ ጋር የተያያዘ እንደ ጠመኔ የነጣ መስመር እንዳለ ይመልከቱ። ነጣ ብሎ ገና ያልተሸረፈ ከሆነ ሊመለስ ይችላልና ቶሎ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ ወደ ቡናማነት ተለውጦ ከለሰለሰ ወይም ከተሸረፈ ግን መሞላት ሊያስፈልገው ይችላል።

የሜክሲኮ መስመር የታክሲ ሹፌር፦ እኔ አንድ ለስላሳ ከመሪው አጠገብ አስቀምጬ እስከ ማታ እጎነጫለሁ። ግን እንደጨረስኩ ወዲያው ጥርሴን እቦርሻለሁ፤ ይህ ይበቃል አይደል? አምቦ ውሃስ?

የጥርስ ሐኪሟ፦ መቦረሽዎ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱ ግን ያለፈበት ነው፤ አሲዱ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ቆይቷል። ለስላሳ ደግሞ ከባክቴሪያው አሲድ በተጨማሪ ራሱ አሲድ ስላለው የኢናሜሉን ገጽ ያለሰልሳል፤ በዚያው ቅጽበት አጥብቆ መፋቅ ገጹን ይበልጥ ሊያስወግደው ይችላል። በውሃ ይጉመጥመጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ስኳር የለውም የተባለው ለስላሳም ባክቴሪያውን ባይመግብም ይህ ሁለተኛው አሲድ አለበት። ለስላሳውን መጠጣት ከፈለጉ ከምሳ ጋር ጠጥተው ይጨርሱት። አምቦ ውሃ ስኳር ስለሌለው፣ የጋዙም አሲድ ቀላል ስለሆነ ከመሪው አጠገብ እሱ ቢቀመጥ እመርጣለሁ።

የጥርስ ሕክምና ተማሪ፦ ዶክተር፣ ይቅርታ፤ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ በሚቦርሹ ሰዎች ላይ ድግግሞሽ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም የሚሉ ጥናቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ምክር በመጠን ላይ እንጂ በድግግሞሽ ላይ አይደለም።

የጥርስ ሐኪሟ፦ ትክክል ነህ። ምክሩ ስኳሩ ከዕለቱ ኃይል ከአሥር በመቶ በታች ይሁን፣ ቢቻል ደግሞ ከአምስት በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ ብዙ ስኳር የሚገባባት አገር ውስጥ መጠን መቀነስ ለሕዝቡ ሁሉ የሚበጅ መሆኑንም አምናለሁ። ፍሎራይድም ጥርስ ማዕድኑን መልሶ እንዲያገኝ ስለሚረዳ አንድ ሰው ሊቋቋመው የሚችለውን የድግግሞሽ ብዛት ይጨምራል። ነገር ግን እኔ ክሊኒክ ውስጥ የማገኛቸው አብዛኞቹ ሰዎች በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጠዋት ብቻ የሚቦርሹ ናቸው፤ ለእነሱ የመጀመሪያ ምክሬ አሁንም ድግግሞሹን መቀነስ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይመዝናል የሚለው ክርክር በባለሙያዎች መካከል አልተዘጋም።

ከስታዲየም አካባቢ፦ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ አፌ ደረቀ እያሉ ጣፋጭ ሻይ ደጋግመው ይጠጣሉ። ጥርሳቸው ከድዱ ሥር መቦርቦር ጀምሯል።

የጥርስ ሐኪሟ፦ የሁለቱ መገጣጠም አደገኛ ነው፤ አሲዱን የሚያጥበው ምራቅ አንሷል፣ ስኳሩም አይቋረጥም። ድዱ ሸሽቶ የተገለጠው የጥርስ ሥር ደግሞ ኢናሜል የለውም፤ ኢናሜል ከሚጎዳበት ቀለል ባለ አሲድ፣ ፒኤቹ ገና ስድስት አካባቢ እያለ እንኳ፣ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ፤ የሚያዝላቸውን ሐኪም ስለ አፋቸው መድረቅ ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹን መድኃኒቶች መቀየር ይቻል ይሆናል። አፋቸው በደረቀ ቁጥር ውሃ ፉት ይበሉ፤ ጣፋጩን ሻይ ከቁርስና ከምሳ ጋር ብቻ ይጠጡት፤ ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ። የተቦረቦሩትን ግን በዚህ ሳምንት ያሳዩዋቸው፤ በጥርስ ሥር ላይ ያለ ጉዳት ወደ ነርቩ የሚደርስበት መንገድ አጭር ነው።