የግብር ዕዳ በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠራ አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለኝ። ሒሳባችን ተመርምሮ ግብር 480,000፣ ወለድ 60,000፣ መቀጫ 120,000፣ በድምሩ 660,000 ብር ክፈሉ የሚል የግብር ውሳኔ ከሳምንት በፊት ደረሰኝ። በአንድ ጊዜ ከከፈልኩ ሥራው ይቆማል። ለገቢዎች ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ ከመጻፍዎ በፊት ውሳኔውን ይቀበሉት ወይም አይቀበሉት እንደሆነ ይለዩ። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የክፍያ ጊዜ መጠየቅ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። ብዙ ነጋዴዎች «ማመልከቻዬን እያዩልኝ ነው» ብለው ሲጠብቁ ቅሬታ የማቅረቢያ ቀኑ ያልፍባቸዋል። የማይስማሙበት ሒሳብ ካለ ቅሬታውን በሌላ ደብዳቤ ያስገቡ፤ በየወሩ እንዲከፈል የሚጠይቁት ደግሞ ባመኑበት መጠን ላይ ብቻ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ወረቀት አይቀላቅሉ።

ሙሉ በሙሉ ከተቀበሉት ግን ማመልከቻው በአዋጁ አንቀጽ 32 ላይ ይቆማል። አንቀጹ ግብር ከፋዩ በጽሑፍ ሲጠይቅና በቂ ምክንያት ሲኖር መሥሪያ ቤቱ ጊዜ እንዲያራዝም ወይም ተከፋፍሎ እንዲከፈል እንዲፈቅድ ሥልጣን ይሰጠዋል። መፍቀድ ግዴታው አይደለም። ስለዚህ «ሥራ ቀዝቅዟል፣ ይታዘንልን» የሚል ደብዳቤ አያስኬድም። ዕዳ ክትትል ላይ ያለው ባለሙያ የሚፈልገው ገንዘቡ ከየት፣ መቼና ስንት እንደሚመጣ ነው። የመክፈያ ቀኑ ሳያልፍ ያስገቡት፤ ካለፈ የባንክ ሒሳብ ወደ ማገድና ንብረት ወደ መያዝ ሊሄዱ ይችላሉ።

በእርስዎ ሒሳብ እንየው። አሁን 120,000 ብር መክፈል ቢችሉ 540,000 ይቀራል። ለ12 ወር እኩል ቢካፈል በወር 45,000 ይሆናል። ነገር ግን የቤት ዕቃ ሽያጭ በሠርግ ወራት ሞቅ ብሎ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል። ከኅዳር እስከ ግንቦት እና በመጨረሻው ጥቅምት በወር 50,000፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ደግሞ በወር 35,000 ቢያቀርቡ ድምሩ ያው 540,000 ነው። የባንክ መግለጫዎ ይህንኑ የሚያሳይ ከሆነ ዕቅዱ ይታመናል። የደብዳቤው ዋና አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ድርጅታችን በቁጥር … በቀን … በተሰጠው የግብር ውሳኔ ብር 660,000 እንዲከፍል ተወስኗል። በእጃችን ያለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለመክፈል የማይበቃ መሆኑን ከተያያዘው የስድስት ወር የባንክ መግለጫ መረዳት ይቻላል። በመሆኑም በአዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 32 መሠረት ብር 120,000 በቅድሚያ ከፍለን ቀሪውን ብር 540,000 በተያያዘው የወራት ሠንጠረዥ መሠረት እንድንከፍል፣ ክፍያውን በአግባቡ እስከፈጸምን ድረስም የማስገደጃ እርምጃ እንዳይወሰድብን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከላይ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ከታች የሥራ አስኪያጁ ፊርማና ማኅተም ይኑር። የውሳኔውን ቅጂ፣ የባንክ መግለጫውን፣ የወራት ሠንጠረዡን፣ ካለም ገና ያልተከፈሉ የሥራ ውሎችን አያይዙ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ የእርስዎ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ያስመቱ፤ ነገ «አልደረሰንም» ቢባል መከራከሪያዎ እሱ ነው።

የወለዱን ነገር አስቀድመው ይወቁ። ጊዜ ቢፈቀድልዎትም ወለዱ ከመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ጀምሮ መቆጠሩን አያቆምም። በሌላ በኩል አዋጁ ከፊል ክፍያ መጀመሪያ ለፍሬ ግብሩ፣ ቀጥሎ ለወለዱ፣ በመጨረሻ ለመቀጫው እንዲውል ያዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው 120,000 ግብሩን ወደ 360,000 ያወርደዋል፤ በሠንጠረዡ ከሄዱ ሰኔ ላይ ግብሩ ይዘጋል። ቅድሚያ ክፍያውን ከፍ ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እስከዚያ የተጠራቀመው አዲስ ወለድ ከ540,000 ውጭ ስለሆነ መቼ እንደሚከፈል፣ የዘገየ ክፍያ መቀጫም በየወሩ ይጨመር እንደሆነ ማመልከቻዎን በሚፈቅደው ደብዳቤ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ይጠይቁ። የንግድ ፈቃድ እድሳት የሚደርስ ከሆነ በተፈቀደው የክፍያ ዕቅድ መሠረት ክሊራንስ እንዲሰጥዎ እዚያው ማመልከቻ ላይ ያክሉበት።

የማመልከቻዎ መልስ በጽሑፍ እስኪደርስዎ ድረስ ዕቅድ አለኝ አይበሉ፤ በቃል «ክፈል፣ ችግር የለም» መባሉ አያድንዎትም። ከተፈቀደ በኋላ አንድ ወር ብቻ ቢያሳልፉ መሥሪያ ቤቱ ቀሪውን ዕዳ በሙሉ ወዲያውኑ ማስከፈል ይችላል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ የሚጽፉት በጥሩ ወር የሚችሉትን ሳይሆን በመጥፎው ወርም የማያጡትን ይሁን፤ የየወሩ ተጨማሪ እሴት ታክስና የሠራተኛ ደመወዝ ግብር ከዚህ ገንዘብ ውጭ እንደሚከፈሉም አይርሱ። 35,000 ለሐምሌ ከከበደ አሁኑኑ 25,000 ብለው ልዩነቱን ጥርና ሚያዝያ ላይ ይጨምሩት። ከተፈቀደ በኋላ ችግር ከመጣም የክፍያው ቀን ሳይደርስ ማሻሻያ በጽሑፍ ይጠይቁ።