2 እና 8 ላይ የቆመ ሰንሰለት

ልጆቼ፣

ደብረ ማርቆስ ላይ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አራቱ አማካዮች ነው። ከትንሹ ስንጀምር ሃርሞኒክ፣ ጂኦሜትሪክ፣ አርቲሜቲክ፣ ኳድራቲክ ብለው ይሰለፋሉ። ተማሪ ሰልፉን ይሸመድደዋል። እኔ ግን ምክንያቱን እንድታዩት እፈልጋለሁ፤ በጣም ያምራልና።

ሁለት ቁጥሮች ያዙ፦ 2 እና 8። አርቲሜቲኩን ታውቁታላችሁ፤ ድምሩ 10፣ ግማሹ 5።

ለጂኦሜትሪኩ የጤፍ ማሳ አስቡ። ወርዱ 2 ገመድ፣ ርዝመቱ 8 ገመድ ነው። ስፋቱ 16 ይሆናል። ይህንኑ ስፋት ጎኖቹ እኩል በሆኑ ማሳ ብንተካው አንዱ ጎን 4 ነው። ጂኦሜትሪኩ 4 ሆነ ማለት ነው።

ለኳድራቲኩ ደግሞ ሁለት ካሬ ማሳዎች ይኑሩ፤ የአንዱ ጎን 2፣ የሌላው 8። ስፋታቸው 4 እና 64፣ በድምሩ 68 ነው። ሁለት ወንድማማቾች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 34 ይደርሳቸዋል። ድርሻው ካሬ ከሆነ ጎኑ የ34 ስኩዌር ሩት ነው፤ 5.83 ገደማ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሃርሞኒኩን ነው። አንድ ወጣት ጭነት የያዘ አህያ እየነዳ የጮቄን ዳገት 8 ኪሎ ሜትር ወጣ እንበል። ፍጥነቱ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 4 ሰዓት ፈጀበት። ሲመለስ ብቻውን እየሮጠ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ወረደ፤ 1 ሰዓት በቃው። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ 5 ይላል። ግን 16 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ነው የሄደው፤ ስለዚህ 3.2 ነው። ዳገቱ ላይ ብዙ ሰዓት ስለቆየ አማካዩ ወደ ዝግታው ተሳበ።

እንግዲህ 3.2፣ 4፣ 5፣ 5.83 አገኘን። አሁን ሦስቱን ትልልቆች ስኩዌር አድርጓቸው፦ 16፣ 25፣ 34። እርምጃው ሁለቱም ጊዜ 9 ነው! ይህ አጋጣሚ አይደለም። 2 ማለት 5 ሲቀነስ 3 ነው፤ 8 ደግሞ 5 ሲደመር 3። ብናባዛቸው 25 ሲቀነስ 9 ይመጣል። የስኩዌሮቻቸው አማካይ ግን 25 ሲደመር 9 ነው። በ5 እና በ3 ቦታ ሌላ ቁጥር ብትተኩም ነገሩ አይለወጥም። የልዩነታቸው ግማሽ ስኩዌር ሲሆን ከዜሮ አያንስም። ሰልፉን የያዘው ይኸው ነው። አራቱም እኩል የሚሆኑት ልዩነቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።

ሃርሞኒኩስ? 16ን ለ5 አካፍሉ፤ 3.2። የጂኦሜትሪኩ ስኩዌር ለአርቲሜቲኩ ሲካፈል ሃርሞኒኩን ይሰጣል። ጂኦሜትሪኩ ከአርቲሜቲኩ ካነሰ፣ ሃርሞኒኩም በዚያው ጥምርታ ከጂኦሜትሪኩ ያንሳል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። በ4 እና በ5 ሞክራ፣ በአንድ አሃዝ አጠጋግታ 4.4፣ 4.5፣ 4.5፣ 4.5 አገኘች። «ሦስቱ እኩል ሆኑ» ብላ መጣች። ስሌቷ ልክ ነበር፤ ልዩነቱን የዋጠው ማጠጋጋቱ ነው። ስኩዌራቸውን ስናይ 20፣ 20.25 እና 20.5 ነበሩ። ስለዚህ ስትፈትሹ የሚራራቁ ቁጥሮች ምረጡ፤ ካልሆነም ስኩዌሮቹን አወዳድሩ።

ቁጥሮቹ ከዜሮ በላይ ይሁኑ። −2 እና −8ን ብትወስዱ ብዜታቸው 16 ስለሆነ 4 ታገኛላችሁ። አርቲሜቲኩ ግን −5 ነው። ሰንሰለቱ ተበጠሰ።

በሦስት ቁጥሮችስ? 1፣ 2 እና 3ን ሞክሩ። 1.64፣ 1.82፣ 2፣ 2.16 ገደማ ይመጣል። ሰልፉ አለ፤ እኩሉ እርምጃ ግን ጠፍቷል። ለጂኦሜትሪኩና ለአርቲሜቲኩ ፈረንሳዊው ኮሺ በ1821 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መንገድ አለ። የሦስቱን አማካይ፣ ማለትም 2ን፣ አራተኛ አድርጋችሁ ጨምሩ። ከዚያ ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው፦ 1 ከ3፣ 2 ከ2። የሁለቱም ጥንድ አማካይ 2 ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ብዜት 3 ሲሆን ከ4 ያንሳል፤ የሁለተኛው ራሱ 4 ነው። የአራቱ ብዜት 12 ስለዚህ ከ16 ያንሳል። ከሁለቱም በኩል የጨመርነውን 2 አካፍለን እናውጣው፤ 6 ከ8 ያንሳል። የ8 ኩብ ሩት 2 ስለሆነ የ6 ኩብ ሩት ከ2 በታች ነው።