ዕዳ ከከበደው ፋብሪካ አክሲዮን ልግዛ?

«በአካውንቲንግ ተመርቄ ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በሂሳብ ሠራተኛነት ልቀጠር ነው። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ አክሲዮን እየሸጠ ስለሆነ፣ አባቴ መንዝ ያሉትን በጎች ሸጦ 200 ሺህ ብር ሊሰጠኝ ቆርጧል። የላክሁልዎት የሂሳብ መግለጫ የፋብሪካውን ሀብት 120 ሚሊዮን ብር ይላል። ልግዛ? ማስተርሱንስ አሁን ልጀምር?»

አባትሽን ያጓጓቸው 120 ሚሊዮኑ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚያው ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ 90 ሚሊዮን ብር ዕዳ ተጽፏል። ዕዳው ከሀብቱ ሲቀነስ ለባለአክሲዮኖች የሚተርፈው 30 ሚሊዮን ብቻ ስለሆነ፣ የሀብቱ ዋጋ በሩብ ቢወርድ የእነርሱ ድርሻ ሙሉ በሙሉ ያልቃል። የወፍጮው ማሽን በመዝገብ የሰፈረው ከተገዛበት ዋጋ ላይ የእርጅና ተቀናሹ ተቀንሶ ነው። በባንክ የብድር ክፍል በሠራሁባቸው 11 ዓመታት እንዳየሁት፣ ያው ማሽን በሐራጅ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ያንን ዋጋ አያወጣም።

ከዕዳው ውስጥ 80 ሚሊዮኑ በ15 በመቶ ወለድ የተወሰደ የባንክ ብድር ስለሆነ፣ ፋብሪካው ቢያተርፍም ባያተርፍም በዓመት 12 ሚሊዮን ብር ወለድ ይከፍላል። አምና ከወለድና ከግብር በፊት 18 ሚሊዮን አትርፎ ከወለድ በኋላ 6 ሚሊዮን ቀርቶታል። ከወለድ በፊት ያለው ትርፍ ከ18 ወደ 24 ሚሊዮን ቢያድግ የሚቀረው በእጥፍ ይጨምራል፤ ዕዳ ባለሀብትን የሚማርከው በዚህ ነው። ስንዴ ጠፍቶ የ18 ሚሊዮኑ ትርፍ በሲሶ ቢቀንስና 12 ሚሊዮን ቢሆን ግን ለባለአክሲዮኖች ምንም አይተርፍም። ብድር የሌለበት ፋብሪካ በዚያው ክፉ ዓመት 12 ሚሊዮኑን ይዞ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ጠንቃቃ ገዢ ዕዳ በከበደው ድርጅት ውስጥ ገንዘቡን የሚያስገባው አክሲዮኑ ረከስ ሲልለት ነው፤ ለእናንተ ግን በመደበኛ ዋጋው ነው የቀረበው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ከዕዳው በ12 ወር ውስጥ የሚከፈለው 30 ሚሊዮን ብር ነው። በአንጻሩ ያለው ጥሬ ገንዘብ 3 ሚሊዮን፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው 8 ሚሊዮን፣ በመጋዘን ያለው ስንዴና ዱቄት 14 ሚሊዮን፣ በድምሩ 25 ሚሊዮን ብቻ ነው። ስንዴው ደግሞ ተፈጭቶ፣ በዱቤ ተሸጦ፣ ሂሳቡ እስኪሰበሰብ ድረስ ዕዳ አይከፍልም። ባንኩ ብድሩን ካላራዘመ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በመያዣ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ባለአክሲዮኑ የሚደርሰው አበዳሪዎች ሁሉ ወስደው ከተረፈ ነው።

ሥራውን ተቀበይ፣ አክሲዮኑን ግን አትግዢ። ፋብሪካው ቢዘጋ ደመወዝሽና የአባትሽ ጥሪት በአንድ ቀን ይጠፋሉ፤ እሳቸው በጎቹን መሸጣቸው ፍቅር ቢሆንም ውሳኔው ስሕተት ነው፣ ይህንንም በግልጽ ንገሪያቸው። ማስተርሱ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ ይደርሳል። ሥራ ስትጀምሪ አስቀድመሽ የብድሩን የመክፈያ ጊዜ የሚዘረዝረውን ማብራሪያና ኦዲተሩ የድርጅቱን ቀጣይነት አስመልክቶ የጻፈው አንቀጽ ካለ እርሱን አንብቢ፤ ባንኩ ብድሩን በጽሑፍ እስካላራዘመ ድረስም አባትሽ በጎቹን ወደ ገበያ አያውጡ።